ዜሮ ከ15፦ ከጥቂት ታካሚዎች ምን ያህል ይታወቃል?



ከደሴ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው ቦሩ ሜዳ ሩቅ አይደለም። እዚያ ያለው ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚታከምባቸው የክልላችን ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ከመካከላችሁ ዘመድ ወይም ጎረቤት አስተኝቶ ስንቅ ይዞ የተመላለሰ ይኖራል። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ሕክምናው አይደለም። ታካሚው አልጋ ከመያዙ በፊት፣ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት፣ አንድ ሰው በወረቀት ላይ ስለሚያሰፍረው ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ይህ ነው። አንድ ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ወስደው በሽታው ዳግም ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ ስንቱ ነው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት? መድኃኒት የተላመደ ስንል፣ ሕክምናው የሚቆምባቸው ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ፣ ጀርሙን አልገድል ሲሉ ነው። ጥያቄው የገንዘብም የሕይወትም ጥያቄ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሁለተኛው መስመር ሕክምና ቢያንስ ሃያ ወር ይፈጅ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ስምንቱ ወር መርፌ ያለበት ነበር። መድኃኒቱ በገፍ አይከማችም፣ በብዙ ብር ይገዛል፣ ቀኑም ያልፋል። አብዝቶ ማዘዝ ብክነት ነው፤ አሳንሶ ማዘዝ ግን ታካሚን ባዶ እጁን መመለስ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ምጣኔ በሀገር አቀፍ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የለካችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለቲቢ ሕክምና አዲስ ከነበሩ 804 ታካሚዎች መካከል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተገኘባቸው 1.6 በመቶ ነበሩ። ቀደም ብለው ከታከሙት ደግሞ የተመረመሩት 76 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነሱ 9ኙ ተገኘባቸው፤ 11.8 በመቶ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን በየሪፖርቱ የምናየው የሀገር ቁጥር በሰባ ስድስት ሰው ላይ የቆመ ነበር። ሰባ ስድስት ሰው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርዱ ጥቂት ሚኒባሶች ይጫናል።

ታዲያ 11.8 በመቶ ስንል ምን ማለታችን ነው? በመጀመሪያ በብዙ ትምህርት ቤቶች የምናስተምረውን መንገድ እንውሰድ፤ የድግግሞሽ መንገድ ልበለው። በዚህ መንገድ እውነተኛው ምጣኔ አንድ የተወሰነ ቁጥር ነው፤ እኛ ባናውቀውም አይናወጥም። የሚዋዥቀው ናሙናው ነው። ዛሬ ሰባ ስድስት ሰው ብንመርጥ 9 እናገኛለን፣ ሌላ ጊዜ ሌሎች ሰባ ስድስት ብንመርጥ 6 ወይም 13 ልናገኝ እንችላለን። ስለዚህ ባለሙያው ግምቱን ብቻውን አይሰጥም፤ የመተማመኛ ክልል ያሰምርለታል። ለ9 ከ76 ክልሉ ከ5.6 እስከ 21.3 በመቶ ነው።

ይህ ክልል ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። «እውነተኛው ምጣኔ በዚህ ክልል ውስጥ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 95 ነው» ብሎ ማንበብ ይቀናል። የድግግሞሽ መንገድ ግን ይህን ቃል አልገባም። እሱ የሚለው፣ እንዲህ ያለ ጥናት ደጋግመን ብንሠራና በየጊዜው በዚሁ ዘዴ ክልል ብናሰምር፣ ከመቶ ክልሎች ቢያንስ 95ቱ ያህል እውነተኛውን ምጣኔ ያቅፋሉ ነው። መተማመኛው ለዘዴው እንጂ በእጃችን ላለችው ለአንዷ ክልል አይደለም። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ግን መድኃኒት የሚያዝዘው ሰው የሚጠይቀው በትክክል ያልተመለሰለትን ጥያቄ ነው። እሱ ስለ መቶ ጥናቶች አይደለም የሚጨነቀው፤ ስለዚህኛው ዓመት ነው።

አሁን ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ መልሰን፣ የ2005 እ.ኤ.አ. ጥናት ወጥቶ የሚቀጥለው ገና ባልተሠራበት ጊዜ ላይ እንቁም። አንድ የወሎ ሆስፒታል እናስብ። የማንም ሆስፒታል መዝገብ አይደለም፤ ለማስተማር የያዝኩት ምሳሌ ነው። በዓመቱ ውስጥ ቀደም ብለው የታከሙ 15 ታካሚዎች አክታቸው ተመረመረ፤ አንድም መድኃኒት የተላመደ አልተገኘም። መዝገብ ያዡ በሪፖርቱ ላይ «0 በመቶ» ብሎ ጻፈ።

ይህ ቁጥር ስሌቱ ትክክል ነው፣ ዜሮን ለአሥራ አምስት ማካፈል ዜሮ ነው። ግን ለማዘዣ ወረቀት መሠረት ካደረግነው የሚታዘዘው መድኃኒት ዜሮ ይሆናል። የባሰው ደግሞ በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው የመተማመኛ ክልል ቀመር እዚህ ላይ ይወድቃል፦

p ± 1.96 × √(p(1 − p)/n)

በ p ቦታ ዜሮ ስናስገባ የስሩ ውስጥ ያለው በሙሉ ዜሮ ይሆናል። ክልሉ ከዜሮ እስከ ዜሮ ነው ይለናል። አሥራ አምስት ሰው አይተን ስለ ሁሉም ሰው ቅንጣት ጥርጣሬ የለንም ማለት ነው። በሪፖርት ላይ ስፋት የሌለው ክልል ካያችሁ ቀመሩ ከአቅሙ በላይ እንደተሠራበት ዕወቁ። የድግግሞሽ መንገድ ለዚህ መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም፣ ላድላበት አልፈልግም። አንድም ካልተገኘ 3ን ለናሙናው ብዛት አካፍሉ የሚል የታወቀ አቋራጭ አለ። 3 ለ15 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል፤ በትክክል ሲሰላ ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ዜሮ ከ15 በሐቅ ሲነበብ «ከ18 በመቶ በላይ አይመስልም» ማለት ነው። ከዜሮ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ተመልከቱ።

ይህም ሆኖ የድግግሞሽ መንገድ አንድ ነገር ዝም ብሎ ያልፋል። እኛ እኮ ስለ እነዚህ ታካሚዎች ምንም ሳናውቅ አልጀመርንም። ሀገሪቱ 9 ከ76 አግኝታለች። ይህን ዕውቀት በር ላይ ትተን መግባት አለብን?

ይህን ጥያቄ በስሌት የመለሰው እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ቤይዝ ነው። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1763 እ.ኤ.አ.፣ በወዳጁ በሪቻርድ ፕራይስ አማካይነት ነው። ከእሱ በኋላ ፈረንሳዊው ላፕላስ ነገሩን ራሱን ችሎ ደርሶበት አስፋፋው። ስሌቱን በመጀመሪያ ያለ ቀመር ላሳያችሁ።

ሁለት ጣሳና የቦሎቄ ከረጢት ይዤያለሁ። በአንደኛው ጣሳ ቀይ ቦሎቄ፣ በሌላኛው ነጭ ቦሎቄ አለ። እያንዳንዱ ቀይ ፍሬ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተገኘበትን አንድ ሰው ይወክላል፤ ነጩ ያልተገኘበትን። ታካሚ በመጣና ውጤቱ በታወቀ ቁጥር አንድ ፍሬ በተገቢው ጣሳ ውስጥ ይጨመራል። ግምቴ ምንድን ነው ብላችሁ ስትጠይቁኝ፣ ቀዩን ቆጥሬ ለጠቅላላው አካፍዬ እነግራችኋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። የሂሳብ ሰዎች በሁለቱ ጣሳዎች ያለውን ቁጥር a እና b ይሉታል፤ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተነስቶ «ምጣኔው እዚህ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» የሚለውን ኩርባ የቤታ ስርጭት ይሉታል። ፍሬው ጥቂት ሲሆን ኩርባው ሜዳ ላይ እንደተዘረጋ ጉብታ ሰፊ ነው፤ ፍሬው ሲበዛ እንደ ጦሳ ጫፍ እየሾለ ይሄዳል።

የድግግሞሹ ሰውና የቤይዙ ሰው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ የድግግሞሹ ሰው በባዶ ጣሳ ይጀምራል። የቤይዙ ሰው ግን የመጀመሪያው ታካሚ ከመምጣቱ በፊት በጣሳዎቹ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ያኖራል። ያ ቅድመ ግምቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከ n ታካሚ በ x ሰው ላይ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ቢያገኝ የግምቱ አማካይ እንዲህ ይታደሳል፦

(a + x) / (a + b + n)

ጥያቄው ታዲያ ስንት ፍሬ እናኑር የሚለው ነው። ብዙ ሰው «እኔ ምንም አላውቅም፣ ማድላት አልፈልግም» ብሎ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ያኖራል። ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ለአንድ ማለት፣ ከማንኛውም መረጃ በፊት፣ አማካይ ግምቴ ቀደም ብለው ከታከሙት ግማሾቹ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አለባቸው ማለት ነው። እንዲህ የሚያምን ሐኪም አላውቅም። ለትልቅ ናሙና ይህ ጉዳት የለውም፤ ለአገሪቱ 76 ሰዎች ስንጠቀምበት ጣሳዎቹ 10 ቀይና 68 ነጭ ይሆናሉ፣ አማካዩ 12.8 በመቶ፣ ክልሉም ከ6 እስከ 21 በመቶ ያህል። ከድግግሞሹ ክልል ጋር ሊጋጠም ጥቂት የቀረው ነው። ለትንሽ ናሙና ግን እያንዳንዷ ፍሬ ትከብዳለች።

ወደ ሆስፒታላችን እንመለስ። የሀገሪቱን 10 ቀይና 68 ነጭ እንዳለ ብንገለብጥበትና 15 ነጭ ብንጨምር፣ 10 ቀይና 83 ነጭ ይኖረናል፤ 10.8 በመቶ። የሆስፒታሉ የአንድ ዓመት ልፋት ግምቱን ሁለት ነጥብ ብቻ ዝቅ አደረገው። እኔ ይህን አልቀበልም። ምክንያቴም ሦስት ነው። የሀገሪቱ ጥናት ዕድሜው ገፍቷል፤ በሽታ በዓመታት ይለወጣል። ደግሞም ጥናቱ የመላ አገሪቱ እንጂ የወሎ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ የተለካው ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። የጥናቱ ቁጥር ሪፋምፒሲንንም አይሶኒያዚድንም የተላመደውን ጀርም የሚቆጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ ወር 2010 እ.ኤ.አ. የደገፈው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ ደግሞ የሚያየው የሪፋምፒሲንን መላመድ ብቻ ነው። ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። የጤፍ ቁናና የስንዴ ቁና ደምሮ «ይህን ያህል ጤፍ አለኝ» እንደማለት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሀገሪቱን ፍሬ እንቀንሰዋለን፤ መጠኑን እንጂ ምጣኔውን አንለውጥም። አንድ አራተኛውን ብንወስድ 2.5 ቀይና 17 ነጭ ይሆናል። ግማሽ ፍሬ እንዴት ይኖራል አትበሉኝ፤ ለስሌቱ ግድ የለውም። አሁን የሀገሪቱ ዕውቀት እንደ 19.5 ሰው ይመዝናል ማለት ነው፣ የሆስፒታሉ 15 ሰውም ከአጠገቡ ይቆማል። 15 ነጭ ሲጨመር 2.5 ቀይና 32 ነጭ እናገኛለን። አማካዩ 7.2 በመቶ፤ ክልሉ ከ1 እስከ 18 በመቶ ያህል።

እዚህ ላይ ክልሉን እንደ ልባችን ማንበብ እንችላለን። ቅድመ ግምቴን ከተቀበላችሁ፣ እውነተኛው ምጣኔ በዚህ ክልል ውስጥ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 95 ነው። ከዚያም በላይ መድኃኒት አዛዡ የሚፈልገውን ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፦ ምጣኔው ከ10 በመቶ በላይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ከዚያው የቤታ ኩርባ ሲሰላ ከመቶ 23 ገደማ ይወጣል። ከአራት ሊሞላ ጥቂት የቀረው አንድ ዕድል። ይህን የሰማ አስተዳዳሪ ዜሮ አያዝዝም፤ ሃያ ታካሚ ቢመጣ ሁለት ሊያስፈልገው እንደሚችል አስቦ ይዘጋጃል። «0 በመቶ» የሚለው ወረቀት ይህን ሁሉ ከልክሎት ነበር።

አንድ አራተኛ ለምን? ለምን አንድ አሥረኛ አይሆንም? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የቤይዝ መንገድ ተቺዎችም ሁሌ ጣታቸውን የሚቀስሩት እዚህ ላይ ነው። መልሱ ምርጫው የባለሙያ ፍርድ ነው የሚል ነው፤ መደበቅ ግን የለበትም። ስለዚህ ሁሉንም አሳያለሁ። ሙሉውን ስንወስድ 10.8 በመቶ፣ አንድ አራተኛውን 7.2፣ አንድ አሥረኛውን 4.4 በመቶ ይወጣል። ውሳኔው በእነዚህ መካከል ካልተለወጠ፣ ስለ አንድ አራተኛ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው። ውሳኔው ከተለወጠ ግን መረጃው ገና አልበቃም ማለት ነውና ያንን ግልጽ አድርጎ መናገር ይገባል። ቁጥሩን ዝም ብሎ አንድ አድርጎ የሚያቀርብላችሁን የቤይዝ ባለሙያ አትመኑት።

ሌላም አደጋ አለ፤ ቅድመ ግምቱ ከእውነታው ጋር የሚጣላበት። ይህን እንዴት እናውቃለን? መረጃው ከመምጣቱ በፊት ቅድመ ግምታችን ምን ይተነብይ እንደነበር እንጠይቀው። የሀገሪቱን ሙሉ 10 ቀይና 68 ነጭ ብንይዝ፣ ከ15 ሰው አንድም ያለማግኘት ዕድሉ ከመቶ 15 ያህል ነው። ያ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዝናብ ይጥላል ተብሎ ሳይጥል እንደቀረ ቀን ነው። ግን ሆስፒታሉ 60 ሰው መርምሮ አንድም ባያገኝስ? ያ የመሆን ዕድሉ ከሺህ ሁለት ያህል ነው። እዚህ ላይ ጣሳዎቹን መደባለቅ አቁመን ምክንያት መፈለግ አለብን። ወይ ወሎ ከሀገሪቱ የተለየ ነው፣ ወይ መሣሪያው ያበላሻል፣ ወይ አክታው ወደ ላቦራቶሪ ሲጓዝ ተበላሽቷል፣ ወይም በጣም የታመሙት ታካሚዎች ወደ ሌላ ቦታ እየተላኩ ከመዝገቡ ጎድለዋል። ሁለት የተጣሉ መረጃዎችን አማካይ አውጥቶ ማስታረቅ ስሕተቱን መሸፈን ነው።

ከዘረዘርኳቸው ምክንያቶች የመጨረሻው ለሁለቱም መንገዶች የጋራ ድክመት ነው። ማን ተመረመረ? ሐኪሙ የጠረጠራቸውን ብቻ ከላከ ምጣኔው ከእውነቱ ይንራል፤ ከከተማው ርቀው ያሉት፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጡት ካልመጡ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይዛባል። ቤታም ሆነ የመተማመኛ ክልል ያልመጣውን ሰው አያዩትም። በእኔ ግምት የቁጥር ባለሙያ ጊዜውን ከሁለቱ ዘዴዎች ክርክር ይልቅ የመዝገቡን ገጾች በመገልበጥ ቢያጠፋው የተሻለ ያተርፋል።

ታዲያ ሁለቱ መንገዶች ለዘላለም ይለያያሉ? አይለያዩም። የሆስፒታሉ ታካሚዎች በዓመታት 300 ቢደርሱና 12ቱ ላይ ቢገኝ፣ የድግግሞሹ ሰው 4 በመቶ ይላል። የቤይዙ ሰው ከአንድ አራተኛ ቅድመ ግምቱ ተነስቶ 14.5 ቀይና 305 ነጭ ይቆጥራል፤ 4.5 በመቶ ይላል። አንድ ወንዝ ማዶና ማዶ ሆነው ሲሄዱ ቆይተው መሻገሪያው ላይ ይገናኛሉ። መረጃው በዓመት አንድ ጊዜ ይምጣ ወይም በየወሩ ይንጠባጠብ፣ ቦሎቄው በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢገባ፣ የመጨረሻው የጣሳዎቹ ቁጥር አይለወጥም። በየወሩ ሪፖርት ለሚልክ ሆስፒታል ይህ ትልቅ ማቅለያ ነው፤ ያለፈውን ወር ሳያፈርስ ይቀጥላል።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ናሙናው በመቶዎች ሲቆጠር የትኛውንም መንገድ ተጠቀሙ፤ መልሱ ያው ነው። ናሙናው እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ጤና ተቋማት በጣት ሲቆጠር ግን የቀደመውን ዕውቀት ቀንሳችሁ፣ መጠኑን ገልጻችሁ፣ በጣሳው ጨምሩት።

እስካሁን የቆየንበትን ዘመን ልተውና ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛውን ሀገር አቀፍ ጥናት አደረገች። ቀደም ብለው ከታከሙት መካከል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተገኘባቸው 17.8 በመቶ ሆኑ። ከ11.8 ሲነጻጸር ብዙ ጨምሯል ለማለት ይቸኩላል ሰው። ነገር ግን ከሰባ ስድስቱ ሰው የወጣው ክልል ከመጀመሪያውም እስከ 21 ይዘልቅ ነበር፤ 17.8 ከዚያ ውስጥ ነው። በሽታው ጨምሮ ይሁን፣ ወይስ መጀመሪያም እዚያው ነበር፣ ከእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ተነስቶ መለየት አይቻልም። የአሥራ አንድ ነጥብ ስምንቱን ቁጥር ያለ ክልሉ ያነበበ ሰው ግን አዲሱ ቁጥር ድንገት ያስደነግጠዋል።

በዚህ አዳራሽ የጤና ቢሮ ሰዎች፣ የሆስፒታል መዝገብ ያዦች፣ ለእነሱ የሚያስተምሩ መምህራንም አላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ወር ሪፖርታችሁ ላይ «0 በመቶ» አትጻፉ። «0 ከ15» ብላችሁ ጻፉ።